ካርዱን አጎትየውም ያነቡታል

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። የልብ ጓደኛዬ የፊታችን ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲያችን ከፖሊ ግቢ በሲቪል ምህንድስና ትመረቃለች። የገባችው በ2010 ነበር፤ አምስት ዓመቱ ስምንት ሆነባት። መሀል ላይ ኮሮና መጣ፣ እናቷ ታመው አንድ ዓመት ዊዝድሮዋል ሞላች፣ አንዴም ዲስሚስ ሆና በሪአድሚሽን ተመለሰች (ይህንን ከእኔ በቀር ቤተሰቧ አያውቅም)፤ የኋላውን የከተማችንን ነገር እርስዎም ያውቁታል። ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፋለች። ካርድ ገዝቼ በረቂቅ ይህን ጻፍኩ፦ “ውድ ኢንጅነር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ በመጨረሻ አንቺም ተሳካልሽ! የዓባይ ድልድይ እንኳን ቀድሞሽ አልቆ ነበር፣ ሃሃ። ገና ከዚህም በላይ ከፍ ከፍ በይልን።” የድልድዩን ቀልድ ራሷ ናት የምትቀልደው። ሥራው ሲጀመር ሁለተኛ ዓመት ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን እናየው ነበር። “ኬብሉ ብቻውን አይሸከምም፣ ከወለሉ ጋር ይካፈላል” እያለች ታስረዳኛለች፣ እኔ በቆሎዬን እበላለሁ። አሁን ረቂቄን ሳነበው ቀዘቀዘብኝ። ሞቅ ያለ ነገር ፈልጌ ለምን እንዲህ ወጣ?
ቃል ያጠራት፣ ከባሕር ዳር»

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ። ለሁለታችሁም ነው የምለው፤ ያጠናችው እሷ ብትሆንም ስትጨነቅ አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት ካርዱ ቅዳሜ ዕለት የት የት እንደሚደርስ እናስብ። አንቺ የጻፍሽው ለእሷ ነው። እሷ ግን ያን ቀን እጇ ነፃ አይሆንም፤ አንዱ አበባ ያስይዛታል፣ ሌላው ለፎቶ ይጎትታታል፣ ጋውኑ ራሱ ይጠልፋታል። ካርዱን ተቀብላ፣ ስማሽ፣ አጠገቧ ላለ ዘመድ ታቀብላለች። ያ ዘመድ ቤት ወስዶ ድፎ ዳቦው ካለበት ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ካርዶች ጋር ገልጦ ያቆመዋል። ምሳ ተበልቶ ቡናው ሲፈላ አጎት መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጡና «እስቲ ምን ምን ብለው ጻፉላት» ብለው ከዳር ያለውን አንስተው ጮክ ብለው ማንበብ ይጀምራሉ። እኔ በገባሁበት የምርቃት ድግስ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ያለ አንድ አጎት አይጠፋም። አጎት ከሌለ ታናሽ ወንድም አለ፤ እሱ ደግሞ በድምፁ እያስመሰለ ነው የሚያነበው።

እስቲ አሁን ረቂቅሽን በአጎትየው ድምፅ አንብቢው። እናትየው ከጓዳ ብቅ ብለው ቆመዋል፣ ጎረቤት ሞልቷል፣ አብረዋት የገቡትና ከሦስት ዓመት በፊት የጨረሱት ሁለት ልጆችም ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል…»

ገባሽ አይደል? የቀዘቀዘብሽ ለዚህ ነው። አንቺ በልብሽ የጻፍሽውና ወረቀቱ ላይ ያረፈው አንድ አይደሉም።

ይህን የምልሽ ከራሴ ደርሶብኝ ነው። የእህቴ ልጅ ሕግ ይማር ነበር፣ እሱም እንደ ጓደኛሽ መንገዱ ረዝሞበት ነው የጨረሰው። እኔ ዕድሜ ልኬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ የሰው ድርሰት ሳርም የከረምኩ፣ በደስታ ብዛት ካርዱ ላይ «በመጨረሻ ለዚህ በቃህ» ብዬ ጻፍኩ። አባቱ ተቀብሎ ሲያነብ «በመጨረሻ» ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ወደ እኔ አየና «በመጨረሻ ነው ያልሽው?» አለኝ። ልጁ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ዕቃ ሳነሳሳ ካርዶቹ እንደቆሙ ነበሩ፣ የእኔው ግን የለም። ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ረቂቅሽን እንደ ድሮው ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ልየው፤ አትቀየሚኝ።

ተረቱ ጥሩ ተረት ነው፤ ለሚጀምር ሰው ነው የሚነገረው። ገና አንደኛ ዓመት ሆና በመጀመሪያው ፈተና ስታለቅስ ብትነግሪያት ያጽናናት ነበር። ለጨረሰ ሰው ሲነገር ግን «ቀስ በቀስ» የሚለው ብቻ ነው ጆሮ ላይ የሚቀረው። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል»ም ያው ነው፤ እሱን ደግሞ ለሴት ምሩቅ ተጽፎ አይቼ ከሳቅም ከማዘንም ያልሆነ ነገር ተሰምቶኛል። መዘግየትን የሚያባብል ተረት በሙሉ መጀመሪያ መዘግየቱን ይናገራል፣ ማባበሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አንባቢው ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም።

«በመጨረሻ»ን አልፈዋለሁ፣ የራሴን ኃጢአት ተናዝዣለሁና።

«አንቺም» ላይ ግን እንቆይ። ያቺን ትንሽዬ «ም» እያት። «አንቺ ተሳካልሽ» ብትዪ ስለ እሷ ብቻ ተናገርሽ። «አንቺም» ስትዪ ግን ከእሷ በፊት የተሳካላቸው ሰዎች ሰልፍ ወደ ካርዱ ገባ፣ እሷ ከጭራው ተሰለፈች። በአንዲት ፊደል! እኛ ስንናገር ሳናስበው ነው የምንጨምራት፤ ሲነገር ፊትሽ እየሳቀ ስለሆነ አይጎዳም። ወረቀት ግን ፊት የለውም።

ቀጥሎ «ተሳካልሽ»። ይህ ቃል ነገሩን የሠራው ማን እንደሆነ አይናገርም። ሎተሪም ይሳካል፣ ቪዛም ይሳካል። እሷ ግን ቁጭ ብላ የሠራችው ነገር ነው። አማርኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፦ «ጨረስሽው»። አድራጊዋ እሷ ናት፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ው» ደግሞ ያንን የምታውቁትን ነገር፣ እናንተ ብቻ ስሙን ሳትጠሩ የምትግባቡበትን ነገር በጣት ትጠቁማለች። «ተወጣሽው»ም ያስኬዳል። ለእኔ ግን «ጨረስሽው» ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ሰዎች ለዓመታት ሲጠይቋት የኖሩት «አልጨረስሽም?» ብለው ነው። መልሱ በዚያው ግሥ ቢመጣ ደስ ይላል።

«ውድ ኢንጅነር» የሚለውንም አስቢበት። እርግጥ ነው ቅዳሜ ሁሉም ሰው በዚህ ማዕረግ ይጠራታል፣ ደስም ሊላት ይችላል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ይህ ቃል እንዴት ሲነገራት እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። «ኢንጅነሯ፣ መቼ ነው ታዲያ?» ሲሏት ከነበረ ቃሉ ውስጥ ትንሽ እሾህ ቀርቷል። በስሟ ጥሪያት፣ ወይም ሁለታችሁ ብቻ በምትጠራሩበት ስም። ማዕረጉን ፖስታው ላይ ሌሎች ይጻፉላት።

«ከፍ ከፍ በይልን» ደግሞ ክፉ ነገር የለውም። ጥፋቱ የማንም መሆኑ ነው። በነርስነት ለተመረቀችው ጎረቤትሽም፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣው የአክስትሽ ልጅም ይሆናል።

እኔ አሁን አሁን ካርድ ስጽፍ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። አንደኛው፣ ይህን በጊዜው ለጨረሰ ሰው እጽፈው ነበር ወይ? በአምስት ዓመት ለጨረሰች ልጅ «በመጨረሻ» አልልም፣ «አንቺም» አልልም፣ እንቁላሉንም አላነሳም። ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር የሚያወራው ስለ መዘግየቷ ነው ማለት ነው፤ ይውጣ። ሁለተኛው፣ ይህን ለሌላ ለማንም ምሩቅ ብሰጠው ይሆናል ወይ? ከሆነ ለእሷ አልተጻፈም። ከረቂቅሽ በመጀመሪያው ጥያቄ ተረቱ፣ «በመጨረሻ አንቺም ተሳካልሽ» የሚለውና የድልድዩ ቀልድ ይወድቃሉ፣ በሁለተኛው ደግሞ የመጨረሻው ምኞት። እንግዲህ ምንም አልቀረልሽም። አትደንግጪ፣ የሚቀረው ነገር ረቂቁ ውስጥ ሳይሆን ለእኔ በጻፍሽው ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው።

ድልድዩና በቆሎው!

በመጀመሪያ ስለ ቀልዱ። «ድልድዩ ቀደመኝ» ብላ መቀለድ የእሷ መብት ነው። ሰው በራሱ ቁስል ላይ ሲቀልድ ቁስሉን ሸፍኖ ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ ቀልድ ሲደግምለት ሽፋኑን መግለጥ ይሆናል። በአፍ ብትዪው አብራችሁ ትስቃላችሁ። በአንቺ እጅ ጽሑፍ፣ በአጎትየው ድምፅ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ነው። የቀደሟት ልጆች ወንበር ላይ መቀመጣቸውንም አትርሺ።

ድልድዩን ግን ከካርዱ አታውጪው፣ አዙሪው እንጂ። አንቺ የያዝሽው መቼ እንዳለቀ ነው፤ እኔ የምፈልገው እዚያ ቆማችሁ ያደረጋችሁትን ነው። እሷ ገና ተማሪ ሆና፣ ዲግሪ ሳይኖራት፣ አንቺን ቆማ እያስተማረችሽ ነበር። ማለትም ሙያው ከወረቀቱ በፊት ነበራት፤ የዓይን ምስክሯ ደግሞ አንቺ ነሽ። ይህንን አጎትየው አያውቁም፣ እናትየው አያውቁም፣ አስተማሪዎቿም አላዩም። ካርድ የሚሞቀው ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለው ነገር ሲኖርበት ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቆሎ እየበላን ያለፈን ነገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። የሙያዋን ነገር ካርድ ላይ ስትጠቅሺ ትክክል መሆኑን አረጋግጪ፣ የክፍል ጓደኞቿም ያነቡታልና። እኔ ለዚህ መልስ ስል አንድ የማውቀውን መሐንዲስ ጠየቅኩት። አዲሱ የዓባይ ድልድያችን፣ ያ በግንቦት 2016 የተከፈተው 380 ሜትሩ፣ ኤክስትራዶዝድ የሚባለው ዓይነት ነው አለኝ። በረጃጅም ኬብል ከከፍተኛ ማማ ላይ የሚንጠለጠሉ ድልድዮች አሉ፤ እነሱ ላይ አብዛኛውን ሸክም የሚይዘው ኬብሉ ነው። በእኛው ላይ ግን ማማው አጠር፣ ኬብሉ ዘመም ያለ ነው፤ ወለሉ ራሱ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ሸክሙን ከኬብሉ ጋር ይካፈላል። ስለዚህ ያለችሽ ልክ ነው። እንዳለችው፣ በራሷ ቃል ጻፊው። «ኤክስትራዶዝድ» ብለሽ ለመራቀቅ አትሞክሪ፤ አንቺ በቆሎ ስትበዪ የነበርሽ ሰው ነሽ፣ ካርዱም እንደዚያው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ድልድዩን ወደ ምክር አትለውጪው። እጅሽ እንደሚበላሽ አውቃለሁ፤ «አንቺም እንደ ድልድዩ ጸንተሽ»፣ «ሸክምን መካፈል ከአንቺ ተማርኩ» ማለት ያምርሻል። ተዪው። ኬብሉ ኬብል፣ ወለሉም ወለል ሆኖ ይቅር። ምን ማለት እንደሆነ እሷ ካንቺ ቀድማ ይገባታል፣ አጎትየው ደግሞ ስለ ድልድይ እንደተወራ ያስባሉ። በአንድ ጽሑፍ ሁለት አንባቢ ማስተናገድ ማለት ይኸው ነው።

ዓመቱን ልጻፍ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ አትቀሪም። ቁጥሩን አትጻፊው። ጊዜውን ግን መደበቅም አያስፈልግም፣ ድብቅ ነገር ይሸታል። ምሰሶው ከውኃ ብቅ ሲል ጀምሮ እንደምትሄዱ ከጻፍሽ፣ ለሚያውቅ ሰው ዓመታቱ በሙሉ እዚያ አሉ፤ ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

የእናትየውስ ነገር? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ለእናትሽ ስትዪ የከፈልሽው መሥዋዕትነት» ብሎ መጻፍ ሞቅ ያለ ይመስላል። እናትየው ግን ቆመው እየሰሙ ነው። ያቺ ዓመት በእሳቸው ምክንያት እንደጠፋች ሳያስቡ የቀሩበት ቀን ያለ አይመስለኝም፤ በልጃቸው ምርቃት ቀን በአደባባይ ባይነበብላቸው ይሻላል። ስለ ሕመማቸው አንዲትም ቃል አትጻፊ። እንኳን ደስ አለዎት ማለት ከፈለግሽ ተነሥተሽ በግንባር ጉልበታቸውን ሳሚ።

አሁን ምርቃቱ ቀረን። በቋንቋችን መመረቅ ማለት ዲግሪ መቀበልም ነው፣ ከትልቅ ሰው አፍ ምርቃት መቀበልም ነው፣ ቅዳሜ ሁለቱም ይደርሷታል። ለዚህ ነው ካርዱ ላይ ምኞት ስትደረድሪ የማይጥመው፦ «እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ ለቁም ነገር ያብቃሽ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ…» ይህ የሽማግሌዎቹ ድርሻ ነው፣ እነሱ ተነሥተው ይሉታል፣ ቤቱም «አሜን» ይላል። አንቺ እኩያዋ ነሽ። ለእኩያ አንዲት ምኞት በቂ ናት፣ እሷም ወደ ሥራዋ የቀረበች ትሁን። «የእጅሽን ሥራ ያቅናልሽ» የምትለዋን እኔ እወዳታለሁ። የቆየ አነጋገር ናት፣ ሃይማኖትም አትለይም፣ መቅናት ደግሞ ለሲቪል መሐንዲስ ትርፍ ቃል አይደለም። የተጣመመ ግድግዳ ያየ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«(ስሟ)፣
ምሰሶው ከውኃ ብቅ ካለ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን ልናይ እንሄድ ነበር። ኬብሉ የተወጠረ ሰሞን “ብቻውን አይሸከምም፣ ከወለሉ ጋር ይካፈላል” አልሽኝ። እኔ በቆሎዬን እየበላሁ ነበር፣ የሰማሁ አልመሰለሽም። ሰምቻለሁ። አሁን በባጃጅ በተሻገርኩ ቁጥር ለሾፌሩ የማስረዳው እኔ ነኝ።
ጨረስሽው። እንኳን ደስ አለሽ።
የእጅሽን ሥራ ያቅናልሽ።
(ስምሽ)፣ ሐምሌ 2017»

የባጃጁን ሾፌር እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ እውነት ካልሆነ አውጪው። እሷ የማታውቀውን ነገር መጨመር ትችያለሽ፣ ያልሆነ ነገር ግን አይሆንም፣ ወዲያው ታውቅብሻለች። ሾፌሩ ከወጣ በምትኩ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግሽውን አንድ እውነተኛ ነገር አስገቢ፦ ለእንግዳ ድልድዩን ስታሳዪ ቃሏን ደግመሽ ይሆናል፣ ወይ ኬብሉን ቆጥረሽ ይሆናል። ከዚህ በላይ ግን አታርዝሚው። የካርዱ የውስጥ ገጽ በእጅ ጽሑፍ ከስድሳ እስከ ሰባ ቃል ቢይዝ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ጉንዳን ይሆናሉ፣ ስምሽ ደግሞ ጥግ ላይ ይንጠለጠላል። ባዶ ወረቀት በካርዱ ልክ ቁረጪና መጀመሪያ እዚያ ላይ ጻፊ። ፊደላችን ጎን ለጎን ቦታ ይወስዳል፤ የት መስመር እንደምትሰብሪ ቀድመሽ ካላየሽ «እንኳን ደስ» እዚህ፣ «አለሽ» እዚያ ይወድቃል። «ጨረስሽው» ለብቻዋ መስመር ይዛ ብትቆም ደስ ይለኛል።

በጄል እስክሪብቶ አትጻፊ። የካርድ ወረቀት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ስታጥፊው በትይዩ ገጽ ላይ ይታተማል። የሐምሌ ዝናባችን ደግሞ ሰዓት አይመርጥም፤ አንድ ጠብታ ከነካው ይሟሟል። ተራው ቢክ እስክሪብቶ ዘይታማ ስለሆነ ውኃ አይፈታውም። ጥግ ላይ አንድ ነጥብ አድርገሽ፣ እስከ ሠላሳ ቆጥረሽ በጣትሽ እሺው፤ ቀለሙ ካልተዛመተ በዚያ ጻፊ። ስጦታ የምታስቢ ከሆነ ብሩን በሌላ ፖስታ አድርጊው። ብር ያለበትን ፖስታ የሚከፍት ሰው ካርዱን አያነብም፣ ብሩን ነው የሚቆጥረው፤ ብዙም አልፈርድበትም።

አሁን የቀረ አንድ ነገር አለ፣ እሱንም ደብዳቤሽ ውስጥ በቅንፍ አስቀምጠሽዋል። ያ ሪአድሚሽን። ከሁሉ ከባዱ ያ እንደነበር እኔም ከሩቅ ይገባኛል። ተባርሮ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ማመልከቻ ጽፎ፣ ውሳኔ ጠብቆ፣ ከኋላ ከገቡት ልጆች ጋር በዚያው በር ተመልሶ መግባት ግን ሌላ ነው። ይህንን ታውቂ የነበርሽ ብቸኛ ሰው አንቺ ከሆንሽ፣ አንዲት ቃል ሳትዪ ብታልፊው የረሳሽው ይመስላታል። ካርዱ ላይ ግን አይጻፍም፣ በነገር ሽፍን እንኳ አይጻፍም። «ያንን ጊዜ ታስታውሻለሽ» ብትዪ አጎትየው ንባባቸውን አቁመው «የቱን ጊዜ?» ማለታቸው አይቀርም።

ስለዚህ ሁለተኛ ወረቀት ጻፊ። ከደብተር የተቀደደ ይሁን፣ ካርድ አይሁን። በቴሌግራምም አይሁን፤ ስልኳ ቅዳሜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነው የሚውለው። ሦስት መስመር ይበቃል፦

«ተመልሰሽ የገባሽበትን ቀን አስታውሳለሁ።
ያን ቀን ማንም አላጨበጨበልሽም፣ እኔም አላጨበጨብኩም፣ ምን እንደምል አላወቅኩም ነበር።
ቅዳሜ አዳራሹ ሲያጨበጭብ የእኔው ለዚያ ቀን ነው።»

ቀናችሁን በራስሽ አስቢው፣ ብቻ ቅዳሜን ከነግርግሩ አሳልፊው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንግዳው ሲበተን ጣና ዳር ይዘሻት ውጪ። በቆሎ ግዢ፣ ዘንድሮ እሸቱ ደርሶ ከሆነ። ወረቀቱን አጥፈሽ በእጇ አስይዣት እንጂ አንቺ አታንብቢላት፤ እያነበበች ሳለም ፊቷን አትመልከቺ፣ ደንገል ታንኳውን የሚቀዝፈውን ሰው ተመልከቺ። አንብባ ቀዳ ብትጥለው አትጠይቂያት። ኪሷ ብትከተውም አትጠይቂያት።

ካርዱን እስከ ቅዳሜ ከነፖስታው በፌስታል ጠቅልለሽ ያዢው።